የጠፋው የይለፍ ቃል ከስልክዎ ውስጥ ነው



በአንድ ቤት የዋይፋይ መስመር ሲገባ ባለሙያው የይለፍ ቃሉን፣ በተለምዶ ፓስወርድ የምንለውን፣ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ለቤቱ ባለቤት ያስረክባል። የቤተሰቡ ስልኮች በዚያው ዕለት ሁሉም ይገናኛሉ። ከዚያ ወዲያ ግን ቃሉን የሚጠይቅ አይኖርም፤ ስልኮቹ ራሳቸው ይዘውት ስለሚቆዩ ባለቤታቸው ከቤት በገባ ቁጥር ሳይጠይቁ ይገናኛሉ። ወረቀቷም አንድ ቀን መሳቢያ ሲጸዳ ከቆሻሻ ጋር ትጣላለች። ችግሩ የሚታወቀው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ አዲስ ዕቃ ወደ ቤት ሲገባ ነው። ቴሌቪዥን ይገዛል፣ ለልጅ ላፕቶፕ ይመጣል፣ ወይም ያረጀ ስልክ ይለወጣል። አዲሱ ዕቃ የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ በቤቱ ውስጥ ደግሞ ቃሉን የሚያስታውስ ሰው የለም።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚሁ ነው። የጠፋው ቃል በእርግጥ አልጠፋም፤ በእጅዎ በያዙት የአንድሮይድ ስልክ ውስጥ ተቀምጧል። እንዴት አውጥተው እንደሚያነቡት ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን። እርስዎ በቀላሉ ማውጣት የሚችሉትን ነገር ሌላውም ሰው ማውጣት ስለሚችል፣ መጨረሻ ላይ ስለ ጥንቃቄው እናነሣለን።

በቅድሚያ፦ ቀዳዳዋን አይንኩ

ለምሳሌ ያህል አንዲት ነርስ የሆነች እናትን እንውሰድ። ባለቤቷ ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ሄዷል። አንድ ቅዳሜ ከሌሊት ተረኛነት ስትመለስ የ13 ዓመት ልጇ «እማዬ፣ አዲሱ ቴሌቪዥን ፓስወርድ አምጡ ይላል» ይላታል። ወደ ባለቤቷ ትደውላለች፤ እርሱም አያስታውሰውም። የጎረቤት ወጣት ለመርዳት ይመጣና «እትዬ፣ ከራውተሩ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ጫን ቢያደርጓት ሁሉ ነገር ይስተካከላል» ይላል።

ወጣቱ ያሰበው በጎ ነው፤ ምክሩ ግን ቤቱን ያለ ኢንተርኔት ሊያስቀር ይችላል። RESET የሚል ጽሑፍ የሚታይባት ያቺ ቀዳዳ ለጥቂት ሰኮንዶች ተጭና ስትያዝ ራውተሩን ከፋብሪካ እንደ ወጣ ወዳለበት ሁኔታ ትመልሰዋለች። እርግጥ ነው፣ የዋይፋዩ የይለፍ ቃል በራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ወደ ተጻፈው ይመለሳል። ነገር ግን ባለሙያው መስመሩን ሲያስገባ በራውተሩ ውስጥ የሞላው ሌላ የመጠቀሚያ ስምና ምስጢር አለ፤ እርሱም ብዙ ጊዜ አብሮ ይደመሰሳል። ያን ጊዜ ዋይፋዩ ይታያል፣ ስልኩም ይገናኛል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ባለሙያ ተጠርቶ እስኪመጣ ድረስ መጠበቅ ግድ ይሆናል። አንድ ቃል ለማወቅ ሲባል ጠቅላላው መስመር ይቋረጣል ማለት ነው።

ስለዚህ እናቲቱ መርፌውን አስቀምጣ ሁለት ነገር ታድርግ። በመጀመሪያ ራውተሩን ገልብጣ ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ ታንብብ። የይለፍ ቃሉ ከተገዛ ጀምሮ ያልተለወጠ ከሆነ እዚያው ተጽፎ ይገኛል፤ በቴሌቪዥኑም ላይ መሞከር ነው። ቴሌቪዥኑ አልቀበልም ካለ ባለሙያው ወይም ከቤተሰቡ አንዱ ቃሉን ለውጦታል ማለት ነው። ያን ጊዜ ወደ ስልኳ ትሂድ።

ከስልኩ ማውጣት

ይህ መንገድ የሚሠራው አንድሮይድ 10 ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ስልክ ነው። አንድሮይድ 10 የወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ሲሆን፣ የተቀመጠን የዋይፋይ የይለፍ ቃል በኪው አር ኮድ ለሌላ ሰው ማካፈልን ከስልኩ ማስተካከያ ጋር አብሮ አመጣ። ኪው አር ኮድ በየሱቁ ለክፍያ ተለጥፎ የምናየው ባለ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ አራት ማዕዘን ምልክት ነው። የስልክዎን ዕድሜ ለማወቅ «Settings» ገብተው እታች ያለውን «About phone» ቢነኩ የአንድሮይዱ ቁጥር ተጽፎ ይታያል። ስልክዎ በአማርኛ የተዘጋጀ ከሆነ «Settings» የሚለውን «ቅንብሮች»፣ ከዚህ በታች «Share» የምንለውን ደግሞ «አጋራ» ብሎ ያገኙታል።

በቅድሚያ ስልኩ በዚያ ሰዓት በቤቱ ዋይፋይ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። በስሙ ሥር «Connected» የሚል ይታያል። ይህ ቀላል ቢመስልም ዋና ነገር ነው። ስልክ የድሮ የይለፍ ቃልንም ይዞ ይቆያል፤ አሁን በተግባር እየሠራበት ያለው ቃል ግን ትክክለኛ መሆኑ አያጠራጥርም።

ከዚያም «Settings» ይክፈቱ፤ «Network & internet» የሚለውን፣ ቀጥሎም «Internet» የሚለውን ይንኩ። በአንዳንድ ስልክ በዚህ ፈንታ «Wi-Fi» ይላል። የተገናኙበት መስመር ስም ከላይ ይታያል። ከስሙ ጎን ያለችውን ጥርስ ያላት ማሽከርከሪያ የምትመስል ምልክት ሲነኩ የመስመሩ ዝርዝር ይከፈታል። እዚያ «Share» የሚል ቁልፍ አለ። እርሱን ሲነኩ ስልኩ የራሱን መክፈቻ ይጠይቃል፤ የጣት አሻራዎን፣ ቁጥርዎን ወይም የሚስሉትን መስመር ይስጡት። ወዲያው ኪው አር ኮዱ በስክሪኑ ላይ ይወጣል። በብዙ ስልኮች ላይ ከኮዱ ሥር የይለፍ ቃሉ በፊደል ተጽፎ ይታያል። ስልክዎ እንዲህ ካደረገ ሥራው አለቀ፤ ቃሉን እንዳለ ወደ ወረቀት ይገልብጡ።

የስልኩ ሥሪት ሲለያይ መንገዱም ጥቂት ይለያያል። በሳምሰንግ ስልክ «Settings» ውስጥ «Connections»፣ ከዚያ «Wi-Fi» ይገባና ከስሙ ጎን ያለችው ምልክት ተነክታ «QR code» ወይም «Share» ይፈለጋል። በሻኦሚ ስልክ ደግሞ «Wi-Fi» ውስጥ ገብቶ የተገናኙበትን ስም ራሱን መንካት ኮዱን ያወጣል። ከእነዚህ ውጭ የሆነ ስልክ ቢኖርዎ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የተገናኙበት መስመር ዝርዝርና በውስጡ የማካፈያው ቁልፍ ነው።

ኮዱ ብቻ ወጥቶ ፊደሉ ባይታይስ?

ለስልክ የሚሆን ከሆነ ችግር የለም፤ አዲሱ ስልክ ካሜራውን በኮዱ ላይ ሲያነጣጥር ራሱ ይገናኛል። ቴሌቪዥን ግን ካሜራ የለውም፤ ፊደሉን በሪሞት አንድ በአንድ መጻፍ ይፈልጋል። ስለዚህ ኮዱ በፊደል መነበብ አለበት።

እዚህ ላይ ስለ ኪው አር ኮድ ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል። ይህ ኮድ የተሠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 በጃፓን ሀገር ዴንሶ ዌቭ በተባለ ኩባንያ ሲሆን፣ የተፈለገውም የመኪና መለዋወጫዎችን ለመለየት ነበር። በውስጡ የሚያዘው ተራ ጽሑፍ ነው። የዋይፋዩም ኮድ የሚይዘው የመስመሩን ስምና የይለፍ ቃል በግልጽ ፊደል ነው እንጂ በምስጢር የተቆለፈ ነገር አይደለም። ነጠብጣቡን ዓይናችን ማንበብ ስለማይችል ብቻ የተደበቀ ይመስለናል።

ለማንበብ ሁለት መንገድ አለ። ሁለተኛ ስልክ ካለ በዚያ ስልክ ላይ ያለውን «Google Lens» ወይም ሌላ የኮድ ማንበቢያ ከፍተው በኮዱ ላይ ያነጣጥሩ። ሁለተኛ ስልክ ከሌለ የራስዎን ስክሪን ፎቶ ያንሡ፤ ይኸውም የስልኩን ማጥፊያና የድምፅ መቀነሻ ቁልፍ ባንድ ጊዜ ጫን በማድረግ የሚነሣው ስክሪንሹት ነው። ከዚያም ፎቶውን በ«Google Photos» ይክፈቱና ከታች ያለውን የ«Lens» ምልክት ይንኩ። ስልኩ ስክሪንሹቱን እንቢ ካለ ያለው ምርጫ ሁለተኛው ስልክ ነው።

አንዳንዱ ማንበቢያ የመስመሩን ስምና የይለፍ ቃሉን ለይቶ ያሳያል። ሌላው ደግሞ ጽሑፉን እንዳለ ያወርደዋል። ሦስተኛው ዓይነት ምንም ሳያሳይ «ልገናኝ?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል። ይህ ሲሆን ሁለተኛውን ስልክ አገናኝተው በእርሱ ላይ «Share» መሞከር ይቻላል፤ ምናልባት ያኛው ስልክ ቃሉን በፊደል የሚያሳይ ዓይነት ሊሆን ይችላል።

የነርሷ ምሳሌ

የነርሷ ስልክ ኮዱን ብቻ አወጣ እንበል። በስክሪንሹት አንሥታ ስታነበው እንዲህ የሚል መስመር አገኘች፦

```
WIFI:S:SelamBet;T:WPA;P:Buna\;7Gebeta;H:false;;
```

በመጀመሪያ ሲያዩት ግራ ያጋባል፤ ነገር ግን አራት ክፍል ብቻ ነው ያለው። ከ`S:` ቀጥሎ ያለው የመስመሩ ስም ነው፤ በዚህ ቤት SelamBet ይባላል። ከ`T:` ቀጥሎ ያለው የቁልፉን ዓይነት ይነግራል። ከ`P:` ቀጥሎ ያለው የምንፈልገው የይለፍ ቃል ነው። ከ`H:` ቀጥሎ ያለው የመስመሩ ስም የተደበቀ መሆኑንና አለመሆኑን ያመለክታል፤ እዚህ ላይ አልተደበቀም ማለቱ ነው። የክፍሎቹ ቅደም ተከተል ሊለዋወጥ ስለሚችል ፊደሉን እንጂ ቦታውን አይከተሉ።

እያንዳንዱ ክፍል የሚያልቀው ; በሚለው ምልክት ነው። ነርሷ ይህን ስታውቅ ከ`P:` ጀምራ እስከ መጀመሪያው ; ድረስ ያለውን ወስዳ በቴሌቪዥኑ ላይ Buna\ ብላ ጻፈች። ቴሌቪዥኑ «አገናኝ» የሚለውን ቁልፍ ጨርሶ አላበራውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በዛሬው ጊዜ በየቤቱ የሚገኘው የዋይፋይ የይለፍ ቃል ከ8 ፊደል አያንስም፣ ከ63ም አይበልጥም፤ Buna\ ግን 5 ፊደል ብቻ ነው። ስለዚህ ያነበቡት ቃል ከ8 ካነሰ ቴሌቪዥኑን አይውቀሱ፤ አንድ ቦታ ላይ ቆርጠውታል።

በሁለተኛው ሙከራ Buna\;7Gebeta ብላ ጻፈች። አሁን ቁልፉ በራ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም የሚል መልስ መጣ። ይህ ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው የበለጠ ሰው ያደናግራል። ጉዳዩ እንዲህ ነው። ባለቤቷ ቃሉን ሲመርጥ በውስጡ ; አስገብቶበታል። ኮዱ ግን ; የሚለውን ለክፍል ማብቂያነት ስለሚጠቀምበት፣ «ይህኛው የቃሉ አካል ነው፣ ማብቂያ አይደለም» ለማለት ከፊቱ \ ያስቀምጣል። ያ ዘንባላ መስመር የኮዱ ነው እንጂ የይለፍ ቃሉ አይደለም። እርሱን አውጥታ Buna;7Gebeta ብላ 12ቱን ፊደል ስትጽፍ ቴሌቪዥኑ ተገናኘ።

ይህ ሁኔታ የሚያጋጥመው በቃሉ ውስጥ ; ወይም , ወይም : ወይም " ወይም ራሱ \ ሲኖር ነው። ከእነዚህ አንዱ በዘንባላዋ መስመር ተቀድሞ ቢያዩት መስመሯን ይተዉና ቀጥሎ ያለውን ብቻ ይጻፉ። ዘንባላዋ መስመር ሁለት ሆና \\ ተብላ ከመጣች አንዷን ብቻ ይጻፉ። ስልኩ ከኮዱ ሥር ቃሉን ራሱ በፊደል የሚያሳይ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ እዚያ የሚታየው እንዳለ የሚጻፍ ነው።

የተቀረው የዓይን ጉዳይ ነው። ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል ይለያያል፤ Gebeta እና gebeta አንድ አይደሉም። ዜሮ ቁጥርና O፣ አንድ ቁጥርና ትንሿ l፣ እንዲሁም ትልቁ I እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ። ቃሉን ወደ ወረቀት ሲገለብጡ ከሚያጠራጥረው ፊደል ሥር «ቁጥር» ወይም «ፊደል» ብለው በአማርኛ ቢጽፉበት ለሚቀጥለው ጊዜ ድካም ይቀንሳል።

የማይሠራባቸው ሁኔታዎች

አንዳንድ ጊዜ «Share» የሚለው ቁልፍ ጨርሶ አይገኝም ወይም ደብዝዞ አይነካም። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጋጥመው በመሥሪያ ቤት ዋይፋይ ላይ ነው። መሥሪያ ቤቱ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን የመግቢያ ስምና ምስጢር የሚሰጥ ከሆነ መስመሩ በአንድ የጋራ ቃል የሚከፈት ስላልሆነ የሚካፈል ነገር የለም። ስልኩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

በሁለተኛ ደረጃ ስልኩ የማያውቀውን ሊነግርዎ አይችልም። ከዚያ መስመር ጋር ተገናኝቶ የማያውቅ ስልክ፣ ወይም «Forget» ተብሎ የተሰረዘበት ስልክ ቃሉ የለውም። በ«Saved networks» ሥር ቀድሞ የተገናኙባቸው መስመሮች ይዘረዘራሉ፤ ከእነርሱም ኮድ ማውጣት ይቻላል። ነገር ግን እዚያ የሚገኘው ቃል ስልኩ ለመጨረሻ ጊዜ የያዘው ነው። የእናትዎ ቤት ዋይፋይ ባለፈው ዓመት ተለውጦ ከሆነ ስልክዎ የሚያሳየው የድሮውን ነው።

ስልክዎ ከአንድሮይድ 10 በፊት የነበረ ከሆነ ደግሞ ይህ ቁልፍ ላይኖረው ይችላል። በዚህ ጊዜ ከቤተሰቡ መካከል አዲስ ስልክ ያለውን መጠየቅ ይሻላል። «የተቀመጠ የዋይፋይ ቃል አሳያለሁ» እያሉ የሚቀርቡ መተግበሪያዎችን አውርደው አይድከሙ። አንድሮይድ እነዚህን ቃሎች የሚያስቀምጠው ተራ መተግበሪያ ሊገባበት በማይችል በተጠበቀ ሥፍራ ነው። እንዲህ ብሎ ቃል የሚገባልዎ መተግበሪያ ማስታወቂያ ከማብዛትና የማይገባውን ፈቃድ ከመጠየቅ በቀር የሚሰጥዎ ነገር የለም።

ኮዱን የሰጡት ሰው ቃሉን ወስዷል

አሁን ወደ ጥንቃቄው እንምጣ። በየቤቱ እንግዳ ሲመጣ «ፓስወርዱን አልነግርህም፣ ኮዱን ግን አንሣ» የሚሉ አሉ። ቃሉን በአፋቸው ስላልተናገሩት የተጠበቀ ይመስላቸዋል። ከላይ እንዳየነው ግን ኮዱ ራሱ ቃሉ ነው። እንግዳው ካሜራውን ባነጣጠረ ጊዜ ቃሉ በስልኩ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከቤትዎ ወጥቶ በደጅ ቆሞም ቢሆን በራሱ ስልክ «Share» ብሎ ለሌላ ሰው ኮድ ማውጣት ይችላል። ያም ሰው ለሌላው ያካፍላል። ግቢ ውስጥ አንድ ተከራይ ኮዱን ካገኘ በሳምንቱ ግቢው በሙሉ ቢጠቀምበት አይደነቁ። መስመሩ ሲንቀራፈፍና ልጅዎ የትምህርት ቪዲዮ ለመክፈት ሲቸገር ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የባሰው ያልሰጡት ሰው የሚወስደው ነው። ስልኩ ኮዱን ከማውጣቱ በፊት መክፈቻ ይጠይቃል ብለናል። ነገር ግን ስልኩ ከመጀመሪያውም መቆለፊያ ያልተደረገለት ከሆነ የሚጠይቀው ነገር ስለሌለ ኮዱን ወዲያው ያወጣል። ለልጅ መጫወቻ የተሰጠ፣ መቆለፊያ የሌለው አሮጌ ስልክ በሳሎን ጠረጴዛ ላይ ተትቶ ከሆነ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የቤቱን ቃል ማንም ፎቶ ሊያነሣው ይችላል። ስለዚህ በዋይፋዩ ላይ ያለ ስልክ ሁሉ፣ የልጅም ይሁን የአዋቂ፣ መቆለፊያ ይኑረው።

ስክሪንሹቱንም አይርሱ። ነርሷ ቴሌቪዥኗን ካገናኘች በኋላ ፎቶው በጋለሪዋ ውስጥ ከልጆቿ ፎቶ ጋር ተቀምጧል። ፎቶዎቿ በራሳቸው ወደ «Google Photos» የሚላኩ ከሆነ እዚያም አለ። በቴሌግራም የቤተሰብ ቡድን ውስጥ ከለጠፈችው ደግሞ የቡድኑ አባል ሁሉ ይዞታል። ሥራው እንዳለቀ ፎቶውን መሰረዝ፣ ከዚያም የተሰረዘ ፎቶ ለጊዜው የሚቀመጥበትን «Trash» ገብቶ ከዚያም ማጥፋት ይገባል። ኮዱን ለማንበብ ብሎ ወደማይታወቅ የኢንተርኔት ገጽ መላክም ቃሉን ለማያውቁት ሰው ማስረከብ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለዋይፋይ ብቻ ሲባል የበዛ ሊመስልዎ ይችላል። የሚያሳስበው ግን ብዙዎቻችን እንዳይረሳን ብለን አንዱን ቃል ለሁሉም የምናደርገው መሆኑ ነው። የዋይፋዩ ቃል የኢሜይልዎ፣ የፌስቡክዎ ወይም የባንክ መተግበሪያዎም ቃል ከሆነ፣ ኮዱን ያነሣ እንግዳ የወሰደው ኢንተርኔት ብቻ አይደለም። ዛሬ ማታ ይህን መንገድ ተጠቅመው የቤትዎን የዋይፋይ ቃል ሲያነቡ «ይህን ቃል ሌላ የት ነው የምጠቀምበት?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። ሌላ ቦታ ካለ አንደኛው መለወጥ አለበት።

ቃሉን መለወጥ ሲያስፈልግ

ተከራይ ሲለቅ ወይም ቃሉ ከቤት መውጣቱን ሲያውቁ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል መለወጥ ነው። ይህም በመርፌ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ከራውተሩ ሥር በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ የማስተካከያው ገጽ አድራሻ አለ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 የሚል ነው። ከጎኑም የመግቢያ ስምና ምስጢር ተጽፏል። በዋይፋዩ ላይ ባለ ስልክ የኢንተርኔት መክፈቻ ላይ አድራሻውን ጽፈው ይገባሉ። «WLAN» ወይም «Wireless» በሚለው ክፍል ውስጥ የይለፍ ቃሉን ብቻ ይለውጡ። «WAN» የሚለውን ክፍል ግን አይንኩ፤ ባለሙያው የሞላው የመስመሩ መግቢያ ያለው እዚያ ነው። አንዳንድ ራውተር ደግሞ «Guest» የሚል ለእንግዳ የተለየ መስመር ይፈቅዳል። ይህ ካለዎ ለእንግዳ የእርሱን ኮድ ብቻ መስጠት የቤቱን ዋና ቃል ያድናል።

ቃሉ ከተለወጠ በኋላ የቤቱ ዕቃዎች ሁሉ ይለያያሉ። ስለዚህ ሁሉም በሚገኝበት የዕረፍት ቀን ቢያደርጉት ይመረጣል። አዲሱን ቃል መጀመሪያ በአንድ ስልክ ላይ ያስገቡ፤ ሌሎቹን ስልኮች ከዚያ ስልክ በሚወጣው ኮድ ያገናኙ። በሪሞት ለሚጻፍለት ቴሌቪዥን ሲያስቡ ደግሞ አዲሱን ቃል ሲመርጡ ; እና \ የመሳሰሉትን ይተዉአቸው፤ በእነርሱ ፈንታ ቃሉን በፊደልና በቁጥር ረዘም ማድረግ ይሻላል።

የነርሷ ቤት ነገር እንዲህ ተፈጸመ፦ ስክሪንሹቱ ተሰረዘ፣ 12ቱ ፊደላት የቤት ካርታና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት በሚቀመጡበት ፋይል ውስጥ በአንድ ገጽ ላይ ተጻፉ፣ ባለቤቷም ከሥራ ሲመለስ የት እንዳለ ተነገረው። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። በሚቀጥለው ጊዜ አዲስ ዕቃ ሲገባ ስልክ መፈለግም ሆነ ጎረቤት መጥራት አያስፈልግም፤ ፋይሉን መክፈት ይበቃል።